የአባባና የአክስታችን ጉዞ፤ ከጅማ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ

አሰላሙ ዓለይኩም ጀማል፣ ሐያት፣ እንዲሁም አጎታችን ሐጂ ከነቤተሰብዎ፤

የአባባና የአክስታችን የአውሮፕላን ትኬት ተቆርጧል፤ ክፍያውም በቴሌብር ተፈጽሟል። የማረጋገጫውን ስክሪንሾት ከዚህ መልእክት ጋር ልኬላችኋለሁ። ምስሉ ላይ ያለው ቀንም ሆነ ሰዓት በፈረንጆቹ አቆጣጠር የተጻፈ ስለሆነ ግን፣ ከዚህ በታች ያለውን ሳታነቡ በምስሉ ብቻ እንዳትመሩ አደራ እላለሁ።

የሚሄዱት ማክሰኞ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ምስሉ ላይ 10FEB2026፣ JIM 16:20፣ ADD 17:15 የሚለው ይኸው ሲሆን፣ በእኛ ሰዓት ከጅማ አባ ጅፋር አየር ማረፊያ ከቀኑ 10:20 ተነስተው ቦሌ 11:15 ይደርሳሉ ማለት ነው። የሚመለሱት እሑድ የካቲት 8 ቀን ነው። ይህም 15FEB2026፣ ADD 07:10፣ JIM 08:05 ተብሎ የተጻፈው ነው፤ ከቦሌ ከጠዋቱ 1:10 ተነስተው ጅማ 2:05 ይገባሉ።

በተለይ ጀማል ይህን ልብ ብለህ አንብበው። FEB የሚለውን የካቲት ብሎ መተርጎም የተለመደ ስለሆነ፣ 10FEB ሲታይ የካቲት 10፣ 15FEB ሲታይ ደግሞ የካቲት 15 ይመስላል። በዘንድሮው ዓመት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ልክ ሰባት ቀን በመሆኑ፣ የካቲት 10ም ማክሰኞ፣ የካቲት 15ም እሑድ ነው፤ ስለዚህ የሳምንቱን ቀን አይቶ ስህተቱን መለየት አይቻልም። ቀኑን እንዲህ የተረዳ ሰው አባባን ለመቀበል ቦሌ የሚወጣው እሳቸው ጅማ ከተመለሱ በኋላ ነው። በስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ስትመዘግቡ የካቲት 3 እና የካቲት 8 ብላችሁ መዝግቡ።

የመመለሻው ሰዓት ከቀኑም ይበልጥ ያሳስበኛል። 07:10 የሚለው ከምሳ በኋላ ያለው ሰባት ሰዓት ሳይሆን የማለዳው አንድ ሰዓት ነው። ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድመው መገኘት ስላለባቸው፣ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቦሌ ደርሰው ሻንጣቸውን ማስመዝገብ ይኖርባቸዋል። የሱብሒ ሰላት ከዚያ በኋላ ስለሚገባ እዚያው ይሰግዳሉ። በዚያ ሰዓት ታክሲ ፍለጋ መውጣት ስለማይመች፣ ሐያት ቅዳሜ ማታ ሁለቱም አንቺ ጋ ቢያድሩና ጀማል በራሱ መኪና ቢያደርሳቸው ይሻላል የሚል ሐሳብ አለኝ። ሌላ የተሻለ መላ ካላችሁ ግን እናንተው ተነጋገሩበት።

ስለ አቀባበሉ፤ በረራው የአገር ውስጥ ስለሆነ የሚወጡት በአገር ውስጥ መንገደኞች ተርሚናል በኩል ነው፤ በዓለም አቀፉ በኩል ቆማችሁ እንዳትጠብቁ። 11:15 ሰው ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት በመሆኑ የቦሌ መንገድ እንደሚጨናነቅ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ ቀደም ብሎ መድረስ ይመረጣል። አባባ ስልካቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ ከዘጉት በኋላ መልሰው መክፈት ስለማያስታውሱ፣ ከወረዱ በኋላ የምትደውሉት በአክስታችን ስልክ ነው።

የአባባ ጉልበት እንዳለ ነው። በመኪና እሄዳለሁ ብለው ብዙ ተከራክረውኝ ነበር፤ ነገር ግን ወደ 350 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ፣ ያውም የጊቤን ቁልቁለትና ዳገት ጨምሮ፣ እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠው እንዲዘልቁት አልፈቀድኩም። ትኬቱ መጀመሪያ ሲቆረጥ ከስማቸው ጎን WCHR የሚል ምልክት ተጽፎ ነበር። ይህ ረጅም መንገድ መራመድ ለማይችል፣ ደረጃ ግን በራሱ መውጣትና መውረድ ለሚችል መንገደኛ የሚሰጥ ነው። ለእሳቸው ደግሞ ዋናው ችግር ደረጃው ስለሆነ፣ ደውዬ WCHS ወደሚለው እንዲቀየር አድርጌአለሁ፤ የላክሁላችሁም ከተስተካከለ በኋላ ያለውን ምስል ነው። በመመለሻው ቀን ቦሌ ላይ ሻንጣ ሲያስመዘግቡ ይህንኑ ለሠራተኛው አስታውሱልኝ። እሳቸው ራሳቸው ከተጠየቁ «ደህና ነኝ፣ እወጣዋለሁ» ማለታቸው አይቀርም።

የሁለቱንም ስም ትኬቱ ላይ ካለው ጋር በፊደል አስተያይቼ፣ ከፋይዳ መታወቂያቸው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ምስሉ ላይ የአባት ስም ቀድሞ የራሳቸው ስም ከጭረት በኋላ መምጣቱ የትኬት አጻጻፍ ስለሆነ አያሳስባችሁ። የቡኪንግ ቁጥሩ K7QWXP ሲሆን ለሁለቱም አንድ ነው፤ አንዱን ከፍታችሁ ስታዩ የሌላውንም ታገኛላችሁ። ይህ ቁጥር ከስም ጋር ሆኖ በማንም እጅ ከገባ በረራውን ለመቀየር ስለሚያስችል፣ ምስሉን ከዚህ ከቤተሰቡ ግሩፕ ውጭ ለማንም አታስተላልፉት። የፌስቡክ ነገር ከተነሳ፣ አክስታችን አውሮፕላን ልትሳፈር ነው ብሎ ፎቶ ለመለጠፍ የሚቸኩል ሰው ከመካከላችን እንዳለ እናውቃለን፤ ፎቶው ይለጠፍ፣ ትኬቱ ግን አይታይ።

ለእያንዳንዳቸው የተፈቀደው ሻንጣ 20 ኪሎ ነው። አክስታችን ጥሬ ቡናውን፣ ማሩንና ለሐያት የታዘዘችውን በርጩማ አንድ ላይ ለማሰር ስትዘጋጅ አግኝቻት፣ በርጩማው በሌላ ጊዜ በመኪና እንዲላክ ተስማምተናል። ማሩ በሁለት ፕላስቲክ ታሽጎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። የአባባ የዓይን ጠብታ፣ የደም ግፊት መድኃኒታቸውና ከጅማ የተጻፈላቸው የሪፈር ወረቀት ግን ሻንጣ ውስጥ አይገቡም፤ አክስታችን በትከሻዋ በምትይዘው ጥቁር ቦርሳ ውስጥ ይሆናሉ። ሐያት፣ ጠብታው ማታ ከመተኛታቸው በፊት በግራ ዓይናቸው ብቻ የሚጨመር ነው።

የሐኪም ቀጠሯቸው ረቡዕ የካቲት 4 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ለምርመራው የዓይን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ስለሚደረግላቸው ለተወሰኑ ሰዓታት ብዥ ይልባቸዋል፣ ብርሃንም ይከብዳቸዋል፤ ስለዚህ ሲወጡ እጃቸውን የሚይዝ ሰውና ጥቁር መነጽር ያስፈልጋቸዋል። ቀሪዎቹን ቀናት የያዝኩት ሐኪሙ በድጋሚ ልያቸው ቢል በሚል ነው። ከዚያ በላይ ያላራዘምኩት ደግሞ ረመዳን በቀጣዩ ሳምንት ስለሚገባ፣ አባባም የመጀመሪያውን ተራዊሕ ከሰፈራቸው መስጊድ ውጭ እንደማይሰግዱ አጥብቀው ስለነገሩኝ ነው። ሐኪሙ ይቆዩ ካለ ግን የእሱ ቃል ይቀድማል፤ ቀኑን ለማስቀየር ከበረራው በፊት መጠየቅ ስላለበት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ውጤቱን ንገሩኝ።

አጎታችን ሐጂ፣ አባባ አዲስ አበባ እንደገቡ መጀመሪያ እርስዎን መጠየቅ እንደሚፈልጉ ነግረውኛል። ነገር ግን ማክሰኞ ማታ ደክሟቸው ስለሚገቡና ረቡዕም ዓይናቸው ስለማያርፍ፣ ለሐሙስ ወይም ለዓርብ ቢይዙላቸው ደስ ይለኛል። ዓርብ ከመረጡ ጁምዓን አብረው ሊሰግዱ ይችላሉ።

ማክሰኞ ከሕርማታ 8 ሰዓት ላይ ይዣቸው እወጣለሁ፤ ፍተሻውን እስኪያልፉም እዚያው እቆያለሁ። በረራው ቢዘገይ እዚሁ ግሩፕ ላይ ወዲያውኑ እጽፋለሁ። ጀማል፣ ማክሰኞ ቦሌ የምትገኘው አንተ ከሆንክ እስከ ሰኞ ማታ አረጋግጥልኝ፤ ካልተመቸህም ሐያት ከሥራ አስፈቅዳ እንድትወጣ ቀድማ ትወቅ።

እህታችሁ ዘይነብ
ከጅማ