የአፈር ምርመራ ሪፖርት መላኪያ ደብዳቤ

ባሕር ዳር
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእንግዳ ማረፊያው ሕንፃ ባለቤት
ግልባጭ፦ ለስትራክቸራል መሐንዲሱ

ጉዳዩ፦ የአፈር ምርመራ ሪፖርት ስለመላክና መሠረቱ እንዲጠልቅ ስለማሳሰብ

ጤና ይስጥልኝ። ጣና ዳር ለሚያሠሩት ጂ+5 ሕንፃ ያዘዙን የአፈር ምርመራ ተጠናቋል። ሪፖርቱ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ሙሉውን ለማንበብ ጊዜ ባያገኙ እንኳ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። ቁፋሮ ሳይጀመር መወሰን ያለበት ነገር አለ።

በመንገዱ በኩል የቆፈርናቸው ሁለት ጉድጓዶች ደህና ናቸው። ችግሩ በሐይቁ በኩል ነው። እዚያ መረሬውን አልፈን 3.8 ሜትር ላይ ጥቁር ድንጋይ ነካን። ግቢው ውስጥ የነበሩት ሁሉ «በቃ፣ አለት ላይ ደርሳችኋል» አሉን። አለት አይደለም። 70 ሳንቲሜትር ብቻ የሚወፍር የባዛልት ቋጥኝ ነው። ከሥሩ እስከ 8.2 ሜትር ድረስ ውሃ የጠገበ፣ ግራጫ፣ ለስላሳ ሸክላ አፈር አለ። የናሙና ሳጥኑን ፎቶ ይመልከቱት፤ ከድንጋዩ ቀጥሎ የወጣው አፈር በጣት ሲጫኑት እንደ ሊጥ ይሰረጉዳል። በመዶሻ ስንፈትሸው በ3 ምት 30 ሳንቲሜትር ገባ። በመንገዱ በኩል በዚያው ጥልቀት ከ25 ምት በላይ ወስዶብናል። ጤነኛው ባዛልት የተገኘው 11.5 ሜትር ላይ ነው።

አሁን ያለው ዲዛይን ፉቲንጎቹን 2.5 ሜትር ላይ ያስቀምጣል። በስሌታችን በዚህ ከተሠራ የሐይቁ ወገን እስከ 11 ሳንቲሜትር ይሰምጣል፤ የመንገዱ ወገን ግን 2 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። የምፈራው ይህን ልዩነት ነው። ግድግዳ ይሰነጥቃል፣ በር አልዘጋ ይላል፣ ቧንቧ ይበጠሳል። ሸክላ ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚሰምጥ ጉዳቱ የሚታየው ሕንፃው አልቆ እንግዳ ከገባበት በኋላ ነው።

ስለዚህ ሕንፃው በሙሉ በቦርድ ፓይል፣ ማለትም ጉድጓድ ተቆፍሮ ኮንክሪት በሚሞላበት ጥልቅ ምሰሶ ላይ እንዲቆም እመክራለሁ። ዲያሜትሩ 60 ሳንቲሜትር ሆኖ ጤነኛው ባዛልት ውስጥ 1.5 ሜትር ይግባ። በሐይቁ በኩል ርዝመቱ 13 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በመንገዱ በኩል ያጥራል። ግማሹን በፓይል፣ ግማሹን በፉቲንግ ማድረግ አይሆንም።

ወጪው እንደሚጨምር አውቃለሁ፤ ርካሽ መንገድም ፈልጌያለሁ። አፈሩን አውጥቶ በገረጋንቲ መሙላት ከ8 ሜትር በላይ መቆፈር ይጠይቃል። ውሃው በታኅሣሥ እንኳ 1.9 ሜትር ላይ ነበር፤ ክረምት ማብቂያ ላይ ሐይቁ ሲሞላ ደግሞ ከፍ ይላል። የጎረቤት አጥርም አጠገብ ነው። ከሕንፃው ሥር በሙሉ አንድ ወፍራም ኮንክሪት መዘርጋት፣ ማለትም ማት ፋውንዴሽን ቢሆን ስንጥቁን ይቀንሳል እንጂ ሕንፃው ወደ ሐይቁ እንዳያዘም አያደርግም።

ለሥራ ተቋራጩ አንድ አደራ አለኝ። ፓይል ሲቆፈር ድንጋይ ስለተነካ ብቻ እንዳይቆም። ጉድጓዱ እንዳይደረመስ በብረት ቧንቧ፣ ማለትም በኬሲንግ ይቆፈር፤ የእያንዳንዱ ጉድጓድ ጥልቀት ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ከሪፖርቱ ጋር ይመሳከር። የመጀመሪያዎቹ ሲቆፈሩ እኔ ራሴ እገኛለሁ።

ዲዛይኑ እስኪከለስ ድረስ የፉቲንግ ቁፋሮ እንዳይጀመር በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከስትራክቸራል መሐንዲሱ ጋር በሚመቻችሁ ቀን ሳይቱ ላይ ተገናኝተን ብንነጋገር ደስ ይለኛል።

ከሰላምታ ጋር
የምርመራው ኃላፊ፣ ጂኦቴክኒካል መሐንዲስ

አባሪ፦ ሪፖርት፣ የ4 ጉድጓዶች መዝገብ፣ የላቦራቶሪ ውጤትና የናሙና ፎቶዎች