የሲልቨር ስፕሪንጉ የቤት ኪራይ ውል፦ ትርጉሙና ለጠበቃ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

አክስቴ፣ እንደምን ሰነበቱ?

በስልክ አንስተው የላኩልኝን ውል ከዚህ በታች በአማርኛ አስቀምጬዋለሁ። ውሉ የሚለውን በትምህርተ ጥቅስ አድርጌ፣ የኔን አስተያየት ከሥሩ ጽፌያለሁ። እኔ አስተርጓሚ እንጂ ጠበቃ ስላልሆንኩ «ለጠበቃ» ያልኩባቸውን ቦታዎች ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳያያቸው ዓርብ ዕለት እንዳይፈርሙ አደራ እላለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ፎቶዎቹ። በየገጹ ግርጌ «ከ6» የሚል ቁጥር አለ፤ የደረሱኝ ግን አምስት ገጾች ብቻ ናቸው። ገጽ 5 የለም። አንቀጽ 11 ተጀምሮ ሳያልቅ ቀጣዩ ፎቶ ከአንቀጽ 14 ይጀምራል። ገጽ 3 ላይ ደግሞ የእጅዎ ጥላ አንድ ቁጥር ሸፍኖታል፤ 150 ወይም 450 ዶላር ሊሆን ይችላል። እባክዎ ወረቀቱን መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ሁለቱን ገጾች እንደገና ያንሱልኝ።

አንቀጽ 1፣ ተዋዋዮች። «ከዚህ በታች የፈረሙ ተከራዮች ሁሉ በዚህ ውል ለሚመጣ ማንኛውም ክፍያ በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ናቸው።»
ልጅዎም አብሮ ስለሚፈርም ይህ እሱንም ይነካዋል። እሱ ድርሻውን ባይከፍል አከራዩ ሙሉውን ከእርስዎ፣ እርስዎ ባይከፍሉ ሙሉውን ከእሱ መጠየቅ ይችላል። የተለመደ አንቀጽ ነው፤ ልጁ ግን አውቆት ይፈርም።

አንቀጽ 2፣ ዘመን። «ውሉ ከመስከረም 1 ቀን 2025 እስከ ነሐሴ 31 ቀን 2026 ይጸናል። ተከራዩ ውሉ ከማለቁ 60 ቀን በፊት በጽሑፍ ካላሳወቀ በቀር ለተጨማሪ አንድ ዓመት በራሱ ይታደሳል።»
ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ለመልቀቅ ቢፈልጉ እስከ ሐምሌ 2 ቀን 2026 በጽሑፍ ማሳወቅ አለብዎት ማለት ነው፤ ቀኑ ካለፈ ሌላ ሙሉ ዓመት ይያዛሉ።
ለጠበቃ፦ በሜሪላንድ ሕግ ከአንድ ወር በላይ በራሱ የሚታደስ ውል፣ ይህ አንቀጽ ከሌላው ተለይቶ እንዲታይና ተከራዩ ለብቻው መስማማቱን የሚገልጽበት ቦታ እንዲኖረው ያስፈልጋል። በፎቶው ላይ አንቀጹ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል፤ የሚፈርሙበት ቦታም አላየሁም። በተጨማሪ የሞንትጎመሪ ካውንቲ አከራዮች የሁለት ዓመት ውል እንዲያቀርቡ ይገደዳሉ። ለእርስዎ ቀርቦልዎት ነበር?

አንቀጽ 3፣ ኪራይ። «ወርኃዊ ኪራዩ 1,950 ዶላር ሲሆን በወሩ መጀመሪያ ቀን ይከፈላል። እስከ 5ኛው ቀን ካልተከፈለ የኪራዩ 10 ከመቶ ቅጣት ይታከላል።»
ለጠበቃ፦ ቅጣቱ 195 ዶላር ይሆናል። የሜሪላንድ ሕግ ከ5 ከመቶ በላይ አይፈቅድም፤ ይህም 97 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩ ራሱ ስለሚናገር ከመፈረምዎ በፊት እንዲታረም ይጠይቁ።

አንቀጽ 4፣ የመያዣ ገንዘብ። «ተከራዩ ሲፈርም 2,925 ዶላር መያዣ ይከፍላል። አከራዩ ተከራዩ ከለቀቀ በ90 ቀን ውስጥ፣ ለጥገና የሚያስፈልገውን ቀንሶ ቀሪውን ይመልሳል።»
አክስቴ፣ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ይህ ነው፤ የብዙ ወር ቁጠባዎ እንደሆነ አውቃለሁና። የተጠየቁት የአንድ ወር ተኩል ኪራይ ነው። ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሚፈረሙ ውሎች በሜሪላንድ የሚፈቀደው መያዣ በጥቅሉ ከአንድ ወር ኪራይ አይበልጥም። ስለዚህ 975 ዶላር ትርፍ ተጠይቀዋል። ትርፍ የተቀበለ አከራይ እስከ ትርፉ ሦስት እጥፍ ሊከፍል ይችላል። የመመለሻ ጊዜውም በሕጉ 45 ቀን እንጂ 90 አይደለም፤ ከመያዣው የሚቀነስ ካለም አከራዩ ዝርዝሩን በጽሑፍ ማቅረብ አለበት።
ለጠበቃ፦ መጠኑም ጊዜውም። ገንዘቡን ሲከፍሉ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ያለ ደረሰኝ አይክፈሉ። ቤቱን በተረከቡ በ15 ቀን ውስጥ ያለውን ጉዳት አከራዩ እንዲመዘግብ በጽሑፍ መጠየቅ መብትዎ ነው። የተሰነጠቀውን የመታጠቢያ ቤት ንጣፍና የማይዘጋውን የበረንዳ በር ዛሬውኑ ፎቶ ያንሷቸው።

አንቀጽ 5፣ መብራትና ውሃ። «ተከራዩ መብራት ይከፍላል። ውሃና ጋዝ አከራዩ በሚወስነው ቀመር ለተከራዮች ይከፋፈላል።»
ቀመሩ አልተጻፈም። አከራዩ ያለፈውን ዓመት ሂሳብ ያሳይዎት።

አንቀጽ 6፣ እንግዳ። «ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ማንም እንግዳ በዓመት ከ14 ቀን በላይ አያድርም።»
እትዬ ከአዲስ አበባ ለሁለት ወር እንደሚመጡ ስለነገሩኝ ፈቃዱን ከአሁኑ በጽሑፍ ይጠይቁ። የቃል «ችግር የለም» በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

አንቀጽ 7፣ ጥገና። «ተከራዩ ቤቱን ባለበት ሁኔታ ተረክቧል። ለእያንዳንዱ ጥገና የመጀመሪያውን [ቁጥሩ በጥላ ተሸፍኗል] ዶላር ተከራዩ ይከፍላል።»
ለጠበቃ፦ ማሞቂያው በጥር ቢበላሽ እርስዎ ይክፈሉ ማለት ነው? ለሕይወትና ለጤና የሚያሰጉ ከባድ ጉድለቶችን ማስተካከል በሜሪላንድ የአከራዩ ግዴታ ነው፤ ካላስተካከለ ኪራዩን ለፍርድ ቤት ገቢ የማድረግ ሥርዓት አለ። ነገር ግን ጠበቃ ሳያማክሩ ኪራይ በራስዎ አያቋርጡ።

አንቀጽ 8፣ ጉዳት። «በሕንፃው ውስጥ ለሚደርስ ማንኛውም ጉዳት፣ በአከራዩ ቸልተኝነትም ቢሆን፣ አከራዩ አይጠየቅም።»
ለጠበቃ፦ እንደ ደረጃና ኮሪደር ባሉ በእርስዎ ቁጥጥር ሥር ባልሆኑ ቦታዎች ላይ እንዲህ ያለ ውል በሜሪላንድ ሕግ ዋጋ የለውም።

አንቀጽ 9፣ መግባት። «አከራዩ በማንኛውም ሰዓት ወደ ቤቱ መግባት ይችላል።»
ለጠበቃ፦ ቅድሚያ ማስታወቂያ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ቃል ይጨመር።

አንቀጽ 10፣ ክርክር። «ተከራዩ በጁሪ የመዳኘት መብቱን ይተዋል። ኪራይ በ10 ቀን ከዘገየ አከራዩ ቁልፍ መቀየርና ዕቃ ማውጣት ይችላል።»
ይህን ሲያነቡ እንዳይደነግጡ። ሁለቱንም ሕጉ ይከለክላል፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማንም ከቤትዎ ሊያስወጣዎት አይችልም። አሳሳቢው ነገር ብዙ ሰው የፈረመበትን ወረቀት አይቶ፣ መብት እንዳለው ሳያውቅ በፍርሃት መውጣቱ ነው። አንቀጹ እንዲሰረዝ ይጠይቁ።

አንቀጽ 11፣ ቀድሞ መልቀቅ። «ተከራዩ ከጊዜው በፊት ቢለቅ የቀሪዎቹን ወራት ኪራይ በሙሉ...» ቀሪው በጎደለው ገጽ ላይ ነው።
ለጠበቃ፦ አከራዩ ቤቱን እንደገና ለማከራየት ተገቢውን ጥረት ማድረግ እንዳለበት ሕጉ ይደነግጋል። ያለ ፈቃድዎ ከሥራ ቢሰናበቱስ? ከአቅምዎ በላይ በሆነ ምክንያት ለመልቀቅ ካውንቲው የሚሰጠው መብት እዚህ ውል ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ።

አንቀጽ 14 እና 15 ስለ ቤት እንስሳትና ስለ መኪና ማቆሚያ ናቸው፤ እርስዎን አይመለከቱም።

የሞንትጎመሪ ካውንቲ የአከራይና ተከራይ ጉዳዮች ቢሮ ያለ ክፍያ ያማክራል። 311 ይደውሉና አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ለአከራዩም ዛሬ በስልክ መልእክት እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «ውሉን እያነበብኩ ነው፤ አንቀጽ 2፣ 3፣ 4 እና 10ን በተመለከተ ጥያቄ ስላለኝ እስከ ረቡዕ ጊዜ ይስጡኝ።» እንግሊዝኛውን ለብቻው ልኬልዎታለሁ። ገጽ 5ን እንዳነሱ ይላኩልኝ፤ ዛሬ ማታውኑ ተርጉሜ እመልስልዎታለሁ።