ለሰሚራ፦ ለጋሽ ግርማ የሚላከው መልእክት፣ እንደገና ተጽፎ

ሰሚራዬ፣ እንዴት ነሽ? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው?

የላክሽልኝን አነበብኩት። ለጋሽ ግርማ ሳትልኪው እኔ ጋ መምጣቱ ጥሩ ሆነ። ጎን ለጎን እንድታይው ያንቺን እንዳለ አስቀምጬዋለሁ፦

«ሰላም ጋሽ ግርማ፣ በጣም ይቅርታ፣ እንደማስቸግርዎት አውቃለሁ። እንዲያው ዝም ብዬ ልጠይቅዎት ብዬ ነው። ምናልባት የሚቻል ከሆነ፣ ካልሆነም ችግር የለውም፣ ትንሽ ቀብድ ነገር ቢያስቡልኝ ብዬ ነው። ይቅርታ እንግዲህ፣ እንጨቱ እንዲያው ትንሽ ስለተወደደ ነው። ምናልባት ካልተመቸዎት ይተዉት፣ እንደምንም እሞክራለሁ። ፎቶውንም ስላዘገየሁ ይቅርታ። ቀለሙም ምናልባት ሊለያይ ይችላል። ስለጨቀጨቅኩዎት በድጋሚ ይቅርታ።»

እስቲ በጋሽ ግርማ ቦታ ሆነሽ አንብቢው። ሰውየው ሆቴል ነው የሚያስተዳድሩት። ገንዘብ የሚያወጣላቸው ደግሞ ሒሳብ ሹም አለ። «ሰሚራ ትንሽ ቀብድ ነገር ብላለች» ብለው ሊያስከፍሉሽ አይችሉም። ስንት ነው? ለመቼ ነው? ለምንድን ነው? አንዱንም አልነገርሻቸውም። «ይተዉት» ያልሽው ግን በደንብ ይሰማል። እሳቸውም እንዳልሽው ይተዉታል፤ ክፋት ኖሮባቸው ሳይሆን አንቺው ስለፈቀድሽላቸው።

እኔ እንዲህ ጽፌዋለሁ። ከፈለግሽ እንዳለ ቅጅው፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ግርማ። እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው? ሰሚራ ነኝ ከጅማ፣ የበርጩማዋ።

ናሙናውን ስለወደዱት ደስ ብሎኛል። ፎቶውን ከተባባልንበት ቀን ሁለት ቀን አሳልፌ ነው የላክሁት፤ ለዚያ ይቅርታ።

ሥራውን ለመጀመር የዋጋውን ግማሽ በቀብድ እፈልጋለሁ። 24 በርጩማ፣ አንዱ በ1,800 ብር፣ ጠቅላላው 43,200 ብር ነው። ቀብዱ 21,600 ብር ይሆናል። እስከ ዓርብ ቢያስገቡልኝ ቅዳሜ ጠዋት እንጨቱን አነሳለሁ።

ገንዘቡ የሚውለው ለደረቅ ዋንዛ ነው። አሁን ክረምት ስለሆነ እርጥብ እንጨት ቶሎ አይደርቅልኝም። ሳይደርቅ የተጠረበ በርጩማ ደግሞ ቆይቶ ይሰነጠቃል። ደረቅ እንጨት ያለው ነጋዴ አግኝቻለሁ፤ እስከ ቅዳሜ ሊያቆይልኝ ተስማምቷል።

ቀብዱ ዓርብ ከገባ ነሐሴ 25 ከጅማ አስጭኜ እልክልዎታለሁ፤ ለእንቁጣጣሽ እንግዶችዎ ይደርሳል። ቀሪውን ግማሽ ዕቃውን ተረክበው ካዩት በኋላ ይከፍሉኛል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎት። የዋንዛ መልክ ከግንድ ግንድ ይለያያል። አንዳንዱ ምናልባት ፎቶው ላይ ካዩት ጠቆር ወይም ፈካ ሊል ይችላል። ቁመቱና ቅርጹ ግን ከናሙናው አይለይም።

የሒሳብ ቁጥሬ ባለፈው ሳምንት የላክሁልዎት ነው። ሲያስገቡ ደረሰኙን በዚሁ ይላኩልኝ፤ እኔም ቀብዱን ስለመቀበሌ ፈርሜ የወረቀቱን ፎቶ እልክልዎታለሁ።

አመሰግናለሁ ጋሽ ግርማ። ጅማ ብቅ ሲሉ ቡናው ከእኛ ነው።

ሰሚራ»

«ውይ፣ ደፈርኩ እንዴ?» እንደምትይ አውቃለሁ። አልደፈርሽም። «እርስዎ» ብለሻል፣ ጤናና ቤተሰብ ጠይቀሻል፣ አመስግነሻል፣ ቡና ጋብዘሻል። «ቢያስገቡልኝ» ማለቱ ራሱ ልስላሴ አለው። አክብሮትሽ እዚያ ውስጥ አለ። ይቅርታ ስትደራርቢበት ሰውየው ያጠፋሽውን መፈለግ ይጀምራሉ። አንቺ ደግሞ ያጠፋሽው ፎቶ ማዘግየት ብቻ ነው። ስለዚህ አንዷን ይቅርታ ለእሷ አስቀርቼ ሌሎቹን አወጣኋቸው።

«ምናልባት» የሚለውም እንደዚያው። የእንጨቱ መልክ እስኪጠረብ ድረስ በርግጥ አይታወቅም፤ እዚያ ላይ ምናልባት ማለት ሐቀኝነት ነው። አስቀድመሽ ስትነግሪያቸው ኋላ «ይሄ ጠቁሯል» የሚል ጭቅጭቅ አይመጣም። ቀብዱ ግን «ምናልባት» የለበትም። ያለ ቀብድ እንጨት እንደማትገዢ ነግረሽኛል። እንግዲያው «ካልሆነም ችግር የለውም» ለምን ትያለሽ? ችግር አለው እኮ! ባለፈው ለዚያ ምግብ ቤት በራስሽ ገንዘብ ሠርተሽ ክፍያው ስንት ወር እንደፈጀ አንቺው ታውቂዋለሽ።

«እንጨቱ ትንሽ ስለተወደደ» የሚለውንም ሆን ብዬ ነው ያወጣሁት። መወደዱ ያንቺ ጣጣ ይመስላል፤ እንዲያውም ዋጋ ልትጨምሪ መንገድ እየጠረግሽ ነው ብለው ሊጠረጥሩ ይችላሉ። መሰንጠቁ ግን የሁለታችሁም ጉዳይ ነው። እንግዳ ከተሰነጠቀ በርጩማ ሲወድቅ የሚያፍሩት እሳቸው ናቸው። (አንድም ሰው ከጅማ በርጩማ ወድቆ አላየሁም፤ በሦስት እግሩ ወጣ ገባ መሬት ላይም አይነቃነቅም። ቢሆንም እንዳትጽፊላቸው፣ ጉራ ይመስላል።)

መልሳቸው «ግማሽ በዛ፣ በ30 ፐርሰንት ጀምሪ» ከሆነ፣ ተደናግጠሽ እሺ እንዳትይ። ይቺን ላኪላቸው፦

«ገባኝ ጋሽ ግርማ። በ30 ፐርሰንት የሁሉንም እንጨት መግዛት አልችልም። ከተመቸዎት በሁለት ዙር እናድርገው፦ አሁን ለ12ቱ ግማሹን 10,800 ብር ያስገቡልኝ፤ እነሱን ነሐሴ 25 እልካለሁ። የቀሩትን 12 በተመሳሳይ ቀብድ ከመስቀል በኋላ እጀምራለሁ። የትኛው ይሻልዎታል?»

10,800 ብር ከጠቅላላው 25 ፐርሰንት ነው። እሳቸው ካሉትም ያንሳል፤ አንቺም ባልተከፈለ እንጨት ላይ አትሠሪም። ነጋዴው ለግማሹ ብቻ እንደሚሸጥልሽ ግን አስቀድመሽ ጠይቂው።

እስከ ሐሙስ ዝም ካሉ ደግሞ ይቺ ትበቃለች፦

«ጋሽ ግርማ፣ እንዴት ዋሉ? ስለ ቀብዱ ላስታውስዎት ነው። እንጨቱ የሚቆይልኝ እስከ ቅዳሜ ነው። ነገ ቢያስገቡልኝ ነሐሴ 25 የተባለው እንደተባለ ነው። ሰሚራ»

«ስለጨቀጨቅኩዎት» የምትለዋን እዚህም እንዳትመልሺያት። አንዴ ማስታወስ ጭቅጭቅ አይባልም።

የምፈራው ስልኩን ነው። ጽሑፍሽን አይተው ቢደውሉልሽ «ይቅርታ ጋሼ፣ እንዲያው…» ብለሽ ልትጀምሪ ነው፤ አውቅሻለሁ። 21,600፣ ዓርብ፣ ነሐሴ 25 ብለሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ከፊትሽ አስቀምጪ። ሰላምታውን እንደልብሽ አርዝሚው፤ ከዚያ ቁጥሩን ንገሪና ዝም በይ። ቢያስቡበትም ያስቡበት፣ ዝምታውን አንቺ አትሙይው።

ጠዋት ጠዋት ግዢ ላይ ናቸው ብለሽኝ አልነበር? ከምሳ በኋላ ላኪው። ከመላክሽ በፊት ግን ነጋዴው ዘንድ ደውለሽ የቅዳሜውን ቃል አስረግጪ፤ ለጋሽ ግርማ የምትጽፊው በእሱ ቃል ላይ ነውና።

እህትሽ ራህመት