የልምምድ ማጠቃለያ ገለጻ ዕቅድ፦ የቡና እርጥበት መለኪያው ማስተካከያ

ጅማ፣ ቅምሻ ክፍል፣ ዓርብ ከቀኑ 8፡30። ለገለጻው 8 ደቂቃ፣ ለጥያቄ 4 ደቂቃ። የሚያዳምጡሽ ቀማሾች፣ ናሙና አውጪዎችና የመጋዘን ኃላፊው ናቸው።

ከገለጻው በኋላ ቡድኑ አንድ ነገር እንዲወስን እንፈልጋለን፦ ከዓርብ ጀምሮ ናሙና ከመለኪያው ጎን 2 ሰዓት ሳይቀመጥ አይለካ። የቀረው ሁሉ ለዚህ የሚቀርብ ማስረጃ ነው።

ሁሉም ስለሚያውቅሽ ራስሽን ለማስተዋወቅ ጊዜ አታጥፊ። በሰሌዳው ላይ ይህን ስሌት ጽፈሽ ጀምሪ (1 ደቂቃ)፦

(10.00 − 8.82) ÷ 10.00 × 100 = 11.8%

10 ግራም ጥሬ ቡና በ105 ዲግሪ ለ16 ሰዓት ኦቨን ውስጥ ደርቆ የቀረው 8.82 ግራም ነው። የዚያኑ ናሙና እርጥበት የእጅ መለኪያው 11.2% ብሎ ነበር። የመጋዘናችን ወሰን 11.5% ስለሆነ መለኪያው ያሳለፈውን ቡና ኦቨኑ ይመልሰዋል። መጋዘን ኃላፊው ቀና የሚሉት እዚህ ላይ ነው፤ አትቸኩዪ።

ቀጥሎ ግራፉ፣ 4 ደቂቃ። ከሁሉም የሚከብደው ክፍል ይህ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ስህተቶች በአንድ ሥዕል ስለሚታዩ። የ40ውን ናሙና ነጥቦች በሁለት ቀለም ለዪ። ሰማያዊዎቹ የክፍሉን ሙቀት ይዘው የተለኩ ናቸው፤ በአማካይ 0.6 ዝቅ ብለው በአንድ መስመር ይሄዳሉ፣ ይህ በመለኪያው ማስተካከያ ይታረማል። ቀዮቹ ከፀሐይ አልጋ እንደተነሡ የተለኩ ናቸው፤ ወዲያና ወዲህ ይበተናሉ፣ ይህን የትኛውም ቁጥር ቢደመር አያርመውም። የእጅ መለኪያው የሚለካው የቡናውን ኤሌክትሪካዊ ጠባይ ነው፤ እሱም ከእርጥበት በተጨማሪ በሙቀት ይለወጣል። ሁለቱን ቀለሞች ደባልቀሽ አንድ አማካይ ብቻ ካሳየሽ «0.6 ደምረን እንለካ» ብለው ይወጣሉ፣ ቀዩም እንዳለ ይቀራል።

የአሠራር ለውጡን በ2 ደቂቃ ንገሪ፦ ናሙናው በተዘጋ ዕቃ ይቀመጥ፣ ክፍት ከሆነ በክረምት ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ሦስት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይጻፍ። በመጨረሻው 1 ደቂቃ ውሳኔውን በግልጽ ጠይቂ።

«መኪና ቆሞ 2 ሰዓት ማን ይጠብቃል?» የሚል ጥያቄ አይቀርም። መልሱ፦ ናሙናው መኪናው በር ላይ እንደደረሰ ይወጣል፣ ሚዛንና ሰነድ እስኪያልቅ ሰዓቱ ይቆጠራል፤ ካልደረሰ ጭነቱ ለብቻው ይራገፋል። ያልሞከርሽውን፣ ለምሳሌ ጀንፈል ቡናን ከጠየቁሽ «አልለካሁም» በይ።

ስላይድ ከአራት አይብለጥ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ግራፉን በቀለም 12 ቅጂ አትሚ፤ በጥቁርና ነጭ ከታተመ ሁለቱ ቀለሞች አይለዩም። ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት በዚያው ክፍል ሰዓት ይዘን እንለማመዳለን፤ ከ8 ደቂቃ ካለፈ የሚቀነሰው ከኦቨኑ ዝርዝር ነው። የልኬት መዝገቡንና የኤክሴል ፋይሉን ዓርብ ጠዋት ለናሙና ክፍሉ አስረክቢ።