ቢላዋው ላይ የቀረችው ኬ

እንደምን ዋላችሁ! ስለ እንግሊዝኛ ፊደልና ንባብ ጠብ አውራ ተብዬ ነው የመጣሁት፤ ከራሴው ጉድ ልጀምር። ዘጠነኛ ክፍል ነኝ፣ እዚሁ ደሴ። አንብብ ተባልኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ «ክኒፍ» አልኩ። ቢላዋ ማለቴ ነው፤ ለካ ኬዋ ትጻፋለች እንጂ አትነበብም፣ «ናይፍ» ነው የሚባለው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዓመቱን ሙሉ ስሜ ክኒፍ ሆኖ ቀረ።

ኋላ ሳነብ ግን ያን ያህል አልተሳሳትኩም ነበር! ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የነበረ እንግሊዛዊ ቢሰማኝ ኖሮ ሳይስቅ ቢላዋውን ያቀብለኝ ነበር። ያኔ ኬዋ ትጠራ ነበራ፤ አይ የምንላትም ፊደል «ኢ» ነበረች። ከ1400 እስከ 1700 ባሉት ዓመታት ግን ረዣዥሞቹ አናባቢዎች ቦታ ተቀያየሩ፣ «ኢ» ወደ «አይ» ዞረች፣ ኬዋም ከአፍ ወደቀች። መሃል ላይ፣ በ1476፣ ካክስተን የሚባል ሰው ማተሚያ ማሽን እንግሊዝ አገር አስገባ። ከዚያ ወዲህ አጻጻፉ ቀስ በቀስ እየረጋ ሄደ፣ አፍ ግን ማንንም ሳይጠብቅ መንገዱን ቀጠለ።

ሩቅ አገር አትሂዱ፤ እዚሁ አጠገባችን ያለችውን ሐይቅን ውሰዱ። አንዱ በሐመሩ ሐ ይጽፋታል፣ ሌላው በሃሌታው ሀ፣ ስንጠራት ግን ልዩነት የለም። በጥንቱ ግእዝ ሁለቱ የተለያየ ድምፅ ነበራቸው። ቁርኣን የቀራችሁ ልጆች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ የ«ሙሐመድ»ን ሐ በዐረብኛ ስትሉ ከጉሮሮ ነው የምታወጧት። አማርኛችን ድምፁን ጥሎ ፊደሉን አስቀረ፣ እንግሊዝኛም ኬዋን ያደረጋት ይህንኑ ነው።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ያናድዳል። ዕዳ ማለት የሆነው «ዴት» ከፈረንሳይኛ ሲገባ ቢ የሚባል ፊደል አልነበረበትም። ምሁራኑ የላቲኑን «ዴቢቱም» አስታወሱና ቢ ሰነቀሩበት። ያን ቢ እንግሊዝ በአፉ አላለውም፤ እኛ ግን ዲክቴሽን ላይ ነጥብ ይቀነስብናል! ደሴት የሚለው «አይላንድ» ደግሞ ጭራሽ ከላቲን የመጣ አልነበረም፤ የላቲኑን «ኢንሱላ» ስለመሰላቸው ብቻ ኤስ ጨመሩበት።

በዚያ ላይ አናባቢ ፊደሎቻቸው አምስት ናቸው፣ የአናባቢ ድምፆቹ ግን ወደ ሃያ ይጠጋሉ። አምስት ወንበር ላይ ሃያ ሰው ስታስቀምጡ አስቡት፤ መደራረቡ የት ይቀራል? አብሽሩ፣ እንግሊዞቹም ልጆቻቸውን ሲያስተምሩ ይቸገራሉ።

«ናይት» ላይ ያለችው ጂ-ኤች እንኳ ዱሮ እንደኛዋ ኽ ያለ ድምፅ ነበራት፣ «ኒኽት» እንደማለት። በሉ አሁን ጠመኔውን ልልቀቅ። ናይትን ሰሌዳው ላይ ማን ይጽፍልኛል? ቆይ ቆይ፣ ሳትነሱ በፊት ጠይቁኝ እንጂ፦ ሌሊቱን ነው ፈረሰኛውን?