በእህታችን ወለተ ማርያም ቀብር ላይ የተሰጠ ትምህርት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ብዙ አልናገርም። ወለተ ማርያም ገና በ32 ዓመቷ ተለየችን። ያማል፤ ያማል ማለት ደግሞ ኃጢአት አይደለም። ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ፣ የአልዓዛር እህት ማርያምና አብረዋት የነበሩት ሲያለቅሱ አይቶ አብሯቸው አለቀሰ። ቅዱስ ጳውሎስም "ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አትዘኑ" አለ እንጂ ጭራሽ አትዘኑ አላለም።

ተስፋችን ይኸው ነው፦ "ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ፤ የሚያምንብኝ ቢሞት እንኳ ሕያው ይሆናል።" ይህን ያለው ራሱ ሞቶ የተነሣው ነው። ስለዚህ ይህ መቃብር ወለተ ማርያምን ለዘላለም አያስቀራትም።

ልጆቼ፣ እስቲ ወደ እኔ ጠጋ በሉ። እማዬ የሞተችው በሕመም ነው። እናንተ ስላስቸገራችኋት ወይም ጸሎት ስላሳነሳችሁ አይደለም፣ በፍጹም! ስትናፍቃችሁ አልቅሱ፣ ስለ እሷ አውሩ፣ ሳቅ ሲመጣባችሁም ሳቁ፤ አትቀየማችሁም። ክርስቶስ ሲያስነሣት ደግሞ ታገኟታላችሁ።

እናንተ ዘመዶችና ጎረቤቶች፣ ትንሹን ልጅ "እማዬ ውጭ አገር ሄዳለች" ብላችሁ እንዳትሸውዱት፤ በር በሩን እያየ ሲጠብቃት ይኖራል። ድንኳኑ ሲነሳ አብራችሁ አትጥፉ። ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሳቸው፣ ምሳ ዕቃቸውን የሚቋጥርላቸው ማን እንደሆነ ዛሬውኑ ተነጋገሩ፤ አባታቸው ብቻውን አይችለውም።

እግዚአብሔር ነፍሷን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን፤ ልጆቿን ያሳድግልን። አሜን።