ለቤቴ የቀረበውን የካሳ ግምት ስለመቃወም

ለማዘጋጃ ቤቱ የካሳና ይዞታ ማስለቀቅ ክፍል

ጉዳዩ፦ የይዞታ ቁጥር 2417 የካሳ ግምት እንደገና እንዲሠራልኝ ስለመጠየቅ

በቁጥር ካ/418 የተጻፈው የካሳ ደብዳቤ ከነግምት ቅጹ ደርሶኛል። መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ ቤቴ እንደሚነሳ፣ የተገመተልኝን ካሳ ወስጄም በ60 ቀን ውስጥ እንድለቅ ይላል። ይህ አቤቱታ የቀረበው ደብዳቤው ለቅሬታ በሰጠኝ የ30 ቀን ጊዜ ውስጥ ነው።

መንገዱን አልቃወምም። ዝናብ ሲዘንብ አምቡላንስ ወደ ሠፈራችን መግባት እንደማይችል ዓይኔ አይቷል፤ መንገዱ መስፋት አለበት። ቤቱን ለሕዝብ ጥቅም መልቀቅ ካለብኝም እለቃለሁ። የምቃወመው ግምቱን ነው። በቀረበልኝ ገንዘብ የነበረኝን ቤት መልሼ መሥራት አልችልም። ፈቃድ ያለው የሥራ ተቋራጭ ያንኑ ቤት፣ በዚያው ስፋትና በዚያው ዓይነት ዕቃ፣ አሁን ለመሥራት የሚጠይቀውን አስገምቼ አያይዣለሁ። የእናንተ ግምት ከዚያ ግማሹን እንኳ አይሞላም።

ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ የግምት ቅጹን መስመር በመስመር አይቼዋለሁ።

መጀመሪያ ስፋቱ። ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ማኅተም አድርጎ ያጸደቀው ፕላን ዋናውን ቤት 122 ካሬ ሜትር ይለዋል። ቅጹ ላይ የተጻፈው 110 ነው። ለኪዎቹ የመጡ ዕለት እቤት ነበርኩ። ሜትሩን የዘረጉት በየክፍሉ ውስጥ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነው። ስለዚህ የግድግዳው ውፍረት በሙሉ ከሒሳቡ ወጥቷል። ግድግዳውም ድንጋይ፣ ብሎኬትና ሲሚንቶ የፈሰሰበት የቤቱ አካል ነው። ፕላኑ ሲጸድቅ በውጭ ልክ ከተለካ፣ ካሳው ሲሰላም በውጭ ልክ መለካት አለበት።

ሁለተኛው ሰርቪስ ቤቱ ነው። 24 ካሬ ሜትር ነው። ሁለት ክፍል አለው። በብሎኬት ተሠርቶ ተለስኗል፣ ፕላኑም ላይ አለ። ቅጹ ግን «ጊዜያዊ ግንባታ» ብሎ የቆርቆሮና የእንጨት ዋጋ ብቻ ይዞለታል። ይህ እንዴት እንደተጻፈ አልገባኝም። የግንባታ ፈቃዱን ቅጂ አያይዣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ከመሬት በታች ወዳለው። ቤቴ የቆመው ተዳፋት ላይ ነው። ከፊት ለፊት የሚያየው ሰው አንድ ተራ ቤት ነው የሚታየው። ከጀርባ በኩል ግን የድንጋይ መሠረቱ ከሁለት ሜትር በላይ ይወርዳል። ከእሱም ዝቅ ብሎ አፈሩን የሚይዝ የድጋፍ ግንብ አለ። ቤቱን ስሠራ ከወጣው ወጪ ትልቁን የበላው ይሄ ነው፤ ግድግዳው ገና ሳይጀመር ገንዘቤ አልቆ ሥራው ለረጅም ጊዜ ቆሞ ነበር። የግምት ቅጹ ለመሠረት የያዘው ሜዳ ላይ ለሚሠራ ቤት የሚወሰደውን አማካይ ዋጋ ነው። የድጋፍ ግንቡ ከነጭራሹ አልተጠቀሰም። የፍሳሽ ጉድጓዱም፣ በሲሚንቶ የተሠራው የውኃ ማጠራቀሚያም የሉም። ገማቾቹ ወደ ጀርባ አልዞሩም። ቢዞሩ ኖሮ ግንቡ ሳይታያቸው አይቀርም ነበር። ስለዚህ ድጋሚ ልኬቱ እኔ ባለሁበት እንዲደረግ፣ መሠረቱም ቢያንስ በአንድ ቦታ ተቆፍሮ ጥልቀቱ እንዲታይ እጠይቃለሁ። ለቁፋሮው ሠራተኛ እኔ አቀርባለሁ።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ የእርጅና ቅናሹ ነው። ቤቱ 22 ዓመት ሆኖታል በሚል ከጠቅላላው ግምት 30 በመቶ ተቀንሷል። ቤቱን በፈቃዴ ለመሸጥ ገበያ ባወጣው ኖሮ ገዢ በዕድሜው ሊከራከረኝ ይችል ነበር። እኔ ግን አልሸጥኩም። እንድለቅ ታዝዤ ሌላ ቦታ ላይ አዲስ ልሠራ ነው። 22 ዓመት ያገለገለ ሲሚንቶ የሚሸጥልኝ የለም። ብረቱንም፣ ጣሪያውንም፣ የግንበኛውንም ጉልበት የምከፍለው በአዲስ ዋጋ ነው። የተቀነሰው 30 በመቶ ከኪሴ ይወጣል ማለት ነው፤ ኪሴ ውስጥ ደግሞ የለም። ይህ የእኔ ብቻ ሐሳብ አይደለም። የዓለም ባንክ ገንዘብ ለሚሰጥባቸው ፕሮጀክቶች ያወጣው ስታንዳርድ ካሳው በመተኪያ ዋጋ እንዲሆን፣ የመተኪያ ዋጋ ሲሰላም የቤቱ እርጅና እንዳይቀነስ ይላል። መንገዱ በዚያ ገንዘብ ይሠራል እያልኩ አይደለም። ሰው ከቤቱ ሲነሳ የሚደርስበት ጉዳት ግን ገንዘቡ ከየትም ቢመጣ ያው ነው።

የተሰላበት የዕቃ ዋጋም የቆየ ነው። ቅጹ ግርጌ ላይ እንደተጻፈው ነጠላ ዋጋዎቹ የተጠኑት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በእነዚህ ዓመታት የት እንደደረሰ የእናንተው የግንባታ ክፍል ያውቃል። ግምቱ ክፍያው በሚፈጸምበት ጊዜ ባለው ዋጋ እንዲሠራልኝ እጠይቃለሁ።

ስለ ኪራዩ ደግሞ ላንሳ። ሰርቪሱን ለሁለት ተከራዮች አከራያለሁ። ውል አለን። በዚሁ ማዘጋጃ ቤት የኪራይ ግብር እከፍላለሁ፣ ደረሰኞቹም ተያይዘዋል። ግብር ሲከፈልበት የታወቀ ገቢ ካሳ ሲሰላ ሊረሳ አይገባም። አዲሱ ቤት ተሠርቶ እስኪከራይ ድረስ የሚቋረጠው ገቢ ይያዝልኝ። እኛ ራሳችን እስከዚያ ድረስ ተከራይተን የምንኖርበትም፣ ዕቃ የማጓጓዣውም እንዲሁ። በምትክ የተሰጠኝ ቦታ እስካሁን ውኃም መብራትም የለውም። መስመሩ በማዘጋጃ ቤቱ ወጪ ይግባልኝ፣ ካልሆነም ወጪው ካሳው ላይ ይደመርልኝ።

እናቴ አብረውኝ ይኖራሉ። 81 ዓመታቸው ነው፣ የሚሄዱትም በምርኩዝ ነው። ለእሳቸው የሠራሁት መወጣጫና የመታጠቢያ ቤቱ መደገፊያዎች ትንሽ ወጪ ስለሆኑ በብዙ አልከራከርባቸውም፤ ግን ይመዝገቡ። የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ገንዘቡ ሳይደርሰን ውጡ ከተባልን እሳቸውን ይዤ የት እገባለሁ? የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የመሬት ይዞታ መመሪያም ይዞታ ሲወሰድ ግምቱ ፍትሐዊ፣ ክፍያውም ፈጣን እንዲሆን ይላል። ስለዚህ የ60 ቀኑ ጊዜ መቆጠር ያለበት ሙሉው ካሳ ከተከፈለኝ ቀን ጀምሮ ነው። ይህ አቤቱታ ውሳኔ እስኪያገኝም ቤቱ እንዳይፈርስ፣ ውኃና መብራቱም እንዳይቆረጥ እጠይቃለሁ።

ማዘጋጃ ቤቱ እስካሁን ያመነበትን ያህል ገንዘብ አሁን ሊከፍለኝ ከፈለገ ልወስድ ፈቃደኛ ነኝ። ሥራውን ማጓተት አልፈልግም። ግን የምወስደው በቀሪው ላይ ያለኝ ክርክር እንደተጠበቀ ነው፤ ይህም የክፍያ ሰነዱ ላይ በግልጽ ይጻፍ። «ተስማምቼ ተቀብያለሁ» የሚል ቅጽ ላይ አልፈርምም።

ድጋሚ ግምቱን የመጀመሪያውን ከሠሩት ሰዎች ውጭ የሆኑ ባለሙያዎች ይሥሩት። ውጤቱ ሲሰጠኝም ጠቅላላ ድምሩ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ሥራ መጠን፣ ነጠላ ዋጋና ስሌት አብሮ ይሰጠኝ። ያለዚያ የቱ ጋ እንደተስማማን፣ የቱ ጋ እንዳልተስማማን መነጋገር አንችልም። መልሱን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ጥያቄዬ ውድቅ የሚሆን ከሆነ ወደ ይግባኝ ሰሚው አካል መሄድ እንድችል ምክንያቱ በየነጥቡ ይጻፍልኝ።

ለልኬቱ በፈለጋችሁት የሥራ ቀን እቤት እገኛለሁ። ከሁለት ቀን በፊት ብቻ አሳውቁኝ።

ከሰላምታ ጋር
የይዞታ ቁጥር 2417 ባለቤት

አባሪ፦ የጸደቀው ፕላን፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የተቋራጩ ዝርዝር ዋጋ፣ የመሠረቱና የድጋፍ ግንቡ ፎቶዎች፣ የኪራይ ውሎችና የግብር ደረሰኞች
ግልባጭ፦ ለቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት